ያልተዘረዘረ የባንክ አክሲዮን በሰኔ 30 ሒሳብ፦ ከአራቱ የዋጋ መንገዶች የትኛውን እንምረጥ?

ደብረ ብርሃን ላይ ያለ አንድ አክሲዮን ማኅበር ሰኔ 30 ሒሳቡን ሲዘጋ በእጁ ሦስት ዓይነት የፋይናንስ ሀብት አለው እንበል። አንደኛው በኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ የተዘረዘረ የባንክ አክሲዮን ነው። ሁለተኛው የግምጃ ቤት ሰነድ ነው። ሦስተኛው ገና ገበያ ላይ ያልወጣ የሌላ ባንክ 4,000 አክሲዮን ነው። ማኅበሩ ሙሉውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ስታንዳርድ የሚከተል ከሆነ ለሦስቱም ፌር ቫሊዩ ማውጣት ይጠበቅበታል፤ አንዳንዱን በሒሳብ መግለጫው ላይ፣ አንዳንዱን በማብራሪያው ውስጥ። ፌር ቫሊዩ ሲባል በመዝጊያው ቀን ሀብቱ በተለመደና ባልተጣደፈ ግብይት ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ማለት ነው። የገዛንበት ዋጋ አይደለም፤ ልናገኝበት የምንመኘውም አይደለም።

ከእነዚህ ስታንዳርዶች ስለ ፌር ቫሊዩ የሚደነግገውና ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 13 ይህን ዋጋ በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። የሚከፈለው ሀብቱ ሳይሆን ዋጋውን ለማውጣት የተጠቀምንበት ግብዓት ነው። አንድ የገብስ ነጋዴ የክምችቱን ዋጋ ሲያወጣ ዛሬ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ያው ገብስ የተሸጠበትን ዋጋ ከወሰደ ደረጃ 1 ነው። የመሐል ሜዳን ዋጋ ወስዶ የታወቀውን የማጓጓዣ ሒሳብ ካስተካከለ ደረጃ 2 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ገብስ ስንት እንደሚያወጣ ራሱ ገምቶ ወደ ዛሬ ከመለሰው ደግሞ ደረጃ 3 ነው። ገብሱ በሦስቱም ያው ነው፤ የሚለየው ሌላ ሰው ቁጥሩን ማረጋገጥ መቻሉ ነው። ደረጃ 3 ማለት አደገኛ ሀብት፣ ደረጃ 1 ማለት አስተማማኝ ሀብት ማለት እንዳልሆነ ከወዲሁ መያዝ ያስፈልጋል። የተዘረዘረ አክሲዮን በአንድ ወር ዋጋው በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ በመዝጊያው ቀን የነበረው ዋጋ ግን የማያከራክር ሆኖ ይቆያል።

የተዘረዘረው አክሲዮን፦ መዘርዘር ብቻውን ደረጃ 1 አያደርግም

የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ሲሆን መጀመሪያ የተዘረዘረውም ወጋገን ባንክ ነው። ገበያው ለጋ ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ ሒሳብ ሠራተኛ ይቸኩላል፤ «ተዘርዝሯል፣ ስለዚህ ደረጃ 1» ብሎ ያልፋል። ስታንዳርዱ ግን የሚጠይቀው ንቁ ገበያ ነው። ያው አክሲዮን በበቂ ድግግሞሽና መጠን መሸጥ መለወጥ አለበት። ስለዚህ ከመዝጊያው ቀን በፊት ያሉትን ሦስት ወራት አውጡና ግብይት የተደረገባቸውን ቀናት፣ በየቀኑ የተሸጠውን ብዛት፣ በገዢና በሻጭ ጥያቄ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ገጽ ጻፉ። አክሲዮኑ በየሳምንቱ ደጋግሞ የሚሸጥ ከሆነ የመዝጊያውን ቀን ዋጋ ያለ ማስተካከያ በአክሲዮኑ ብዛት አባዙ፤ በቃ። በሦስት ወር ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ከተሸጠ ግን ዋጋው አሁንም ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ደረጃው ግን ወደ 2 ይወርዳል።

አንድ ስሕተት እዚህ ይደጋገማል። «ብዙ አክሲዮን ስላለን በአንዴ ብንሸጥ ዋጋው ይወርዳል» ተብሎ ከተጠቀሰው ዋጋ ላይ ይቀነሳል። በደረጃ 1 ይህ አይፈቀድም። ዋጋው የአንዱ አክሲዮን ዋጋ እንጂ የክምሩ ዋጋ አይደለም።

የግምጃ ቤት ሰነዱ፦ ደረጃ 2 ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ

ብሔራዊ ባንክ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነዶችን በጨረታ ይሸጣል፤ የጨረታው ምጣኔም ይገለጻል። የእኛ ሰነድ የ364 ቀን ሆኖ የተገዛ፣ አሁን 150 ቀን የቀረውና ሲያበቃ 1,000,000 ብር የሚከፍል ነው እንበል። የ150 ቀን ጨረታ የለም። በቅርቡ ጨረታ የ91 ቀኑ 15 በመቶ፣ የ182 ቀኑ 16 በመቶ ከሆነ (እዚህ ያሉት ምጣኔዎችና ዋጋዎች ሁሉ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው) የ150 ቀኑ በመካከላቸው 15.65 በመቶ ግድም ይሆናል። የ150 ቀን ወለዱን አስልተን አንድ ሚሊዮኑን ወደ ዛሬ ስንመልሰው ወደ 939,600 ብር ይመጣል።

ምጣኔውን ራሳችን አሰላነው እንጂ አልፈጠርነውም። ሁለቱም ጫፎች ማንም ሊያያቸው የሚችላቸው ናቸው፤ ሌላ ሒሳብ ሠራተኛም እንጅባራ ይሁን አዲስ አበባ ተቀምጦ ያንኑ ቁጥር ያገኛል። ምጣኔውን በአንድ ሙሉ ነጥብ ብንሳሳት እንኳ ዋጋው የሚቀየረው ወደ 3,600 ብር ነው፤ ይኸውም ከመቶ 0.4 ያህል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ከታች ከአክሲዮኑ ጋር እናስተያየዋለን። ማኅበሩ ሰነዱን እስከ ፍጻሜው ይዞ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ብቻ የያዘው ከሆነ በሒሳብ መግለጫው ላይ የሚታየው የተስተካከለው ወጪ፣ ማለትም የግዢው ዋጋ እስከዚያ ቀን ከተጠራቀመው ወለድ ጋር ነው፤ ፌር ቫሊዩውና ደረጃው በማብራሪያው ይነገራል።

ያልተዘረዘረው አክሲዮን፦ አራት መንገድ

ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ነው። የባንኩ አክሲዮን የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር ነው። ማኅበሩ ከዓመት በፊት፣ የዚያ ዓመት ዲቪደንድ ተከፍሎ እንዳበቃ፣ ከማይዛመደው ሻጭ እያንዳንዱን በ1,400 ብር ገዝቷል። ከስምንት ወር በፊት ባንኩ ጥቂት አክሲዮኖችን በጨረታ ሲሸጥ አሸናፊው 1,675 ብር ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ ባንኩ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 225 ብር ዲቪደንድ ከፍሏል። የተጣራ ሀብቱ ለአንድ አክሲዮን ሲካፈል 1,450 ብር ይደርሳል።

የመጀመሪያው መንገድ የተገዛበትን 1,400 ብር እንዳለ መተው ነው። ቀላል ስለሆነ ይወደዳል። አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 9 ግን የግዢ ዋጋን እንደ ፌር ቫሊዩ መውሰድን የሚፈቅደው በጥቂት ሁኔታ ብቻ ነው፦ ከግዢው ወዲህ ሌላ በቂ መረጃ ሳይኖር፣ ወይም ሊሆኑ ከሚችሉት ብዙ ዋጋዎች መካከል እሱ የተሻለ ግምት ሲሆን። የባንኩ ትርፍ ከዕቅዱ ከራቀ፣ የኢኮኖሚው ሁኔታ ከተለወጠ ወይም በአክሲዮኑ ላይ የውጭ ግብይት ከታየ ይህ በር ይዘጋል። በእኛ ምሳሌ ጨረታ ተካሂዷል፣ የወለድ ምጣኔም ተነሥቷል፤ ስለዚህ ይህን መንገድ አንመርጥም። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገዛ የባንክ አክሲዮንን እስከ ዛሬ በግዢ ዋጋው ይዞ «ይህ ፌር ቫሊዩ ነው» ማለትም ለኦዲተር የሚቀርብ መከራከሪያ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ የጨረታው ዋጋ ነው። የዚያው አክሲዮን ዋጋ ስለሆነ፣ ገበያው ንቁ ባይሆንም፣ ደረጃ 2 ግብዓት ነው። መጀመሪያ ግን ግብይቱ እንዴት እንደተካሄደ ጠይቁ። ሻጩ ተገድዶ ነበር? ማስታወቂያው በቂ ጊዜ ቆየ? ስንት ተጫራች ገባ? ዲቪደንዱ ለማን ነበር? ከጨረታው በኋላ የተከፈለው ዲቪደንድ ለጨረታ አሸናፊው ከሆነ 225 ብሩ ይቀነስና 1,450 ይቀራል። ይህ ቅናሽ የታወቀ ቁጥር ስለሆነ ደረጃውን አያወርደውም። የስምንት ወሩ ጊዜና በዚህ መሐል የተነሣው ወለድ ዋጋውን ምን ያህል እንደቀየረው ግን የሚነግረን ገበያ የለም፤ እሱን ስናስተካክል በግምት እንገባለን፣ ማስተካከያውም ከፍ ያለ ከሆነ ጠቅላላው ዋጋ ደረጃ 3 ይሆናል። በግለሰቦች መካከል የተደረገ ዝውውር ማስረጃ ሆኖ ሲመጣም ውሉ ላይ የተጻፈው ብር በእርግጥ የተከፈለው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትቀበሉት።

የእኛ ምክር ይህ ነው፦ ጨረታው ከመዝጊያው ቀን በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ የተካሄደ፣ ተጫራቾቹም ከአንድ ሁለት በላይ ከነበሩ ከየትኛውም ሞዴል እሱን አስቀድሙ። ስምንት ወር ያለፈው ጨረታ ግን ለማመሳከሪያ እንጂ ለዋናው ቁጥር አይበቃም።

ሦስተኛው መንገድ ከተዘረዘረ ባንክ ጋር ማነጻጸር ነው። የተዘረዘረው ባንክ አክሲዮን ከተጣራ ሀብቱ 1.2 እጥፍ የሚሸጥ ከሆነ የእኛው 1,450 በ1.2 ሲባዛ 1,740 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ግብዓቱ የሚታይ ነው። የእኛው ባንክ አክሲዮን ግን እንደ ተዘረዘረው በቀላሉ አይሸጥም፣ መጠኑም ሊያንስ ይችላል፤ ስለዚህ ከ1,740 ላይ የሆነ ነገር መቀነስ አለበት። 20 በመቶ ከተቀነሰ 1,392፣ 10 በመቶ ከሆነ 1,566፣ 30 በመቶ ከሆነ 1,218 ይሆናል። ያቺ መቶኛ ከየት መጣች? በአገራችን ለመናገር የሚያበቃ የግብይት ታሪክ ገና አልተከማቸም። አንዷ የማትታይ ግብዓት ውጤቱን በዚህ ያህል ስታንቀሳቅሰው የተቀሩት ግብዓቶች ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆኑ ዋጋው በሙሉ ደረጃ 3 ነው። ስታንዳርዱ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ለውጤቱ ወሳኝ ከሆኑት ግብዓቶች ዝቅተኛው የሙሉውን ደረጃ ይወስናል። ወሳኝ የሚባለው ከስንት በመቶ በላይ እንደሆነ ግን አላስቀመጠም። ስለዚህ ማኅበሩ የራሱን መለኪያ በጽሑፍ አስቀምጦ በየዓመቱ በዚያው ይሥራ።

አራተኛው መንገድ የወደፊቱን ዲቪደንድ ወደ ዛሬ መመለስ ነው። የሚቀጥለው ዲቪደንድ 240 ብር፣ በየዓመቱ የሚያድገው በ6 በመቶ፣ ባለሀብቱ የሚጠይቀው ተመላሽ 22 በመቶ ከሆነ ዋጋው 240 ለ0.16 ሲካፈል ይገኛል፤ 1,500 ብር። ወረቀቱ ላይ ንጹሕ ይመስላል። ከሦስቱ ቁጥሮች ሁለቱ ግን በየትኛውም ገበያ አይታዩም።

የማይታይ ግብዓት ዋጋውን እንዴት እንደሚያላላ

ያንን 22 በመቶ ወደ 23 አንሡት፤ ዋጋው 1,412 ይሆናል። ወደ 24 አንሡት፤ 1,333። አንድ ነጥብ ብቻ ዋጋውን በ6 በመቶ ያህል ያነቃንቀዋል። በግምጃ ቤት ሰነዱ ላይ ያው አንድ ነጥብ 0.4 በመቶ ብቻ ነበር። ልዩነቱ ሁለት ምክንያት አለው። ሰነዱ በ150 ቀን ያበቃል፣ አክሲዮኑ ግን ማብቂያ የለውም፤ የምጣኔው ስሕተት በዓመታቱ ሁሉ ይባዛል። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ በሰነዱ ምጣኔ ላይ አንድ ነጥብ መሳሳት አስቸጋሪ ነው፤ የጨረታው ውጤት ወዲያው ያጋልጣል። የ22 በመቶውን ግን የሚያጋልጥ የለም። 21 ነው የሚል ሰውና 24 ነው የሚል ሰው ሁለቱም በቅንነት ሊከራከሩ ይችላሉ።

በዚህ ላይ ግምቶቹ ለየብቻ አይሳሳቱም። ስለ ባንኩ ተስፋ ያለው ሰው የዕድገቱን ምጣኔ ከፍ፣ የሚጠየቀውን ተመላሽ ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለቱም ዋጋውን ወደ ላይ ይገፉታል። ዕድገቱ 8፣ ተመላሹ 20 በመቶ ሲሆን ዋጋው 2,000 ብር ይደርሳል። ዕድገቱ 4፣ ተመላሹ 24 ሲሆን 1,200 ላይ ያርፋል። ለ4,000 አክሲዮን ይህ ከ4.8 እስከ 8 ሚሊዮን ብር ነው። መካከለኛው 6 ሚሊዮን ሆኖ ወደ ላይ 2 ሚሊዮን፣ ወደ ታች 1.2 ሚሊዮን መሆኑንም አስተውሉ፤ ተመላሹና ዕድገቱ ሲቀራረቡ ማካፈያው ያንሳልና ዋጋው ወደ ላይ ይፈጥናል። ሥራ አመራሩ ጉርሻውን ከትርፉ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ግምቱ ወደየት እንደሚያጋድል መገመት አይከብድም፤ ለዚህም ነው ግምቱን የሚያወጣውና የሚያጸድቀው ሰው አንድ መሆን የሌለበት።

ግምቱን ከገበያ ጋር ማሰር

ደረጃ 3 ዋጋን የሚያጠነክረው ዋናው ሥራ የአራተኛውን መንገድ የዲቪደንድ ሞዴል ከታወቀ ግብይት ጋር ማስማማት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። ማኅበሩ አክሲዮኑን ሲገዛ 1,400 ከፍሏል። በዚያን ቀን ይጠበቅ የነበረው ዲቪደንድ 224 ብር፣ ዕድገቱ 6 በመቶ ከነበረ፣ ሞዴሉ 1,400 እንዲሰጥ የሚያደርገው ተመላሽ ስንት ነው? 224 ለ1,400 ሲካፈል 16 በመቶ፣ ዕድገቱ ሲጨመር 22 በመቶ። ይህ 22 አሁን ከአየር የመጣ አይደለም፤ በትክክል የተከፈለ ብር ውስጥ ያለ ነው። አክሲዮኑ በቀላሉ ባለመሸጡ ገዢው የጠየቀው ካሳም ውስጡ ተካትቷል። ስለዚህ በዚህ ምጣኔ ከተሠራ በኋላ «ለመሸጥ ስለሚያስቸግር» ተብሎ ሌላ 20 በመቶ መቀነስ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፤ በኦዲት ከሚገኙት ስሕተቶች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ ከግዢው ቀን እስከ ሰኔ 30 የሚታየው ነገር ምን ያህል እንደተለወጠ ታያላችሁ። የግምጃ ቤት ሰነድ ምጣኔ በአንድ ነጥብ ከተነሣ፣ ሌላ የባንኩን ሥጋት የሚለውጥ ነገርም ካልታየ፣ ተመላሹ ወደ 23 በመቶ ይነሣል፤ ዋጋውም 1,412 ብር፣ በጠቅላላው 5.65 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የማይታየው ግብዓት አሁንም የማይታይ ነው፣ ደረጃውም 3 እንደሆነ ይቀራል። ግን መነሻው በግብይት፣ ለውጡ በጨረታ ምጣኔ ታስሯል፤ ሊከራከሩበት የሚችሉት ክልልም ጠብቧል። ተመላሹንም ዕድገቱንም አንድ አንድ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ስናደርግ ከ1,263 እስከ 1,600 ብር እናገኛለን። ለ4,000 አክሲዮን ወደ ታች 0.59፣ ወደ ላይ 0.75 ሚሊዮን ብር ግድም ነው።

የጊዜውንም ነገር አትርሱ። ከላይ ያለው ስሌት የሚቀጥለው ዲቪደንድ ልክ ከዓመት በኋላ እንደሚከፈል ይወስዳል። ክፍያው ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ ያው 1,412 ወደ 1,566 ይወጣል። በሰኔ መዝጊያ ቀን ሁሌም ሊፈተሽ የሚገባው ይህ ነው፤ የባንኮች ዲቪደንድ የሚከፈለው ጠቅላላ ጉባኤ ከተካሄደ በኋላ ነውና።

አሁን ሌሎቹን መንገዶች ለማመሳከሪያ አምጡ። የጨረታው 1,450፣ የንጽጽሩ 1,392፣ የሞዴሉ 1,412 ይቀራረባሉ። ይህ ደስ ይላል፤ ግን የንጽጽሩ 20 በመቶ የተመረጠው 1,412ን ለማግኘት ታስቦ ከሆነ መቀራረቡ ምንም አያረጋግጥም። መቶኛው የሞዴሉ ውጤት ከመታየቱ በፊት ተወስኖ ቀን ያለበት ወረቀት ላይ ይስፈር። ቁጥሮቹ ተራርቀው ቢመጡ ደግሞ አማካያቸውን መውሰድ መፍትሔ አይሆንም። የትኛው ግብዓት እንዳራራቃቸው ፈልጉና የተሻለ ማስረጃ ያለውን ምረጡ።

ለኦዲተሩና በማብራሪያው ላይ ምን ይቅረብ

ለደረጃ 1 የዋጋው ህትመት በቂ ነው። ለደረጃ 2 የስሌቱ ዘዴና የጨረታው ውጤት ይቀመጣል። ደረጃ 3 ግን ሥራ ያበዛል፤ መብዛቱም ትክክል ነው፤ አንባቢው ቁጥሩን ራሱ ማረጋገጥ ስለማይችል ቁጥሩ ምን ያህል ሊላላ እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። የማይታዩት ግብዓቶች በቁጥር ይጻፋሉ፦ ተመላሽ 23 በመቶ፣ ዕድገት 6 በመቶ። ሊሆኑ በሚችሉ ሌሎች ግምቶች ዋጋው ስንት እንደሚሆን ይነገራል፤ ከላይ ያገኘነው የ0.59 እና የ0.75 ሚሊዮን ልዩነት እዚህ ይገባል። የዓመቱ መነሻ ዋጋ፣ ግዢ፣ ሽያጭ፣ ትርፍ ወይም ኪሳራ፣ ወደ ደረጃው የገባና የወጣ ተዘርዝሮ እስከ መዝጊያው ድረስ ይታረቃል።

«ሊሆኑ የሚችሉ» የሚለውን ክልል ማጥበብ በተግባር የሚያጋጥም ፈተና ነው። ግማሽ ነጥብ ብቻ ወዲያ ወዲህ አድርጎ ልዩነቱን ትንሽ ማስመሰል ይቻላል። መለኪያው በዓመቱ ውስጥ የግምጃ ቤት ሰነድ ምጣኔና የባንኩ ዲቪደንድ በእርግጥ የተንቀሳቀሱበት መጠን ይሁን፤ ምጣኔው በዓመት ውስጥ ሁለት ነጥብ ወጥቶ ከወረደ ግማሽ ነጥብ አይበቃም።

ባንኩ በሚቀጥለው ዓመት ቢዘረዘርና በየጊዜው መሸጥ ቢጀምር አክሲዮኑ ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 1 ይሻገራል። ሽግግሩ የሚመዘገበው በተከሰተበት ቀን ነው ወይስ በዓመቱ መጀመሪያ ወይስ መጨረሻ የሚለው አስቀድሞ በፖሊሲ ይወሰን፤ መግቢያውም መውጫውም በዚያው ይሁን። የመጀመሪያዎቹን የገበያ ዋጋዎች ስታገኙ ወደ ሞዴሉ መልሳችሁ በ6 በመቶ ዕድገት ስንት ተመላሽ እንደሚሰጡ አስሉ። 23 ብላችሁ የነበረው 19 ሆኖ ከተገኘ በመጀመሪያ በመካከሉ የወረደውን የወለድ ምጣኔና መዘርዘሩ ራሱ ያስቀረውን የመሸጥ ችግር ቀንሱ፤ የሚተርፈው የግምታችሁ ስሕተት ነው፣ በእጃችሁ ላሉት ሌሎች ያልተዘረዘሩ አክሲዮኖችም የሚቀጥለው ሰኔ 30 ከመምጣቱ በፊት መስተካከል አለበት።